ወረቀቱ ሲቀየር፦ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች

ውድ ልጆቼ፣

ፈተና ሲቃረብ ደሴ ፒያሳ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ፋታ አይኖራቸውም። አንዱ ያለፈ ዓመት ሞዴል ያስባዛል፣ ሌላው ወርክሺት፣ ብዙው ደግሞ አንዲት ገጽ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ የመልስ ቁልፍ። የምጽፍላችሁ ስለዚያች ገጽ ነው። ፊዚክስ ሳስተምርና ፈተና ሳወጣ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ወረቀት ሲቀየር ምን ተነክቶ ምን እንደሚተው አውቃለሁ። ነገሩን በአጭር ልብ ወለድ ልንገራችሁ። ልጁ በእውን የለም፤ የሚገጥመው ነገር ግን የታወቀ ነው።

ልጁ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አምና የተፈተነ የጎረቤቱ ልጅ “አይቀየርም፣ ራሱ ነው የሚመጣው” ብሎ የፊዚክስ ሞዴሉን ከነመልስ ቁልፉ ሰጠው። 40 ጥያቄ፣ 40 ፊደል። ልጁ ጥያቄዎቹን ወደ ጎን ትቶ ፊደሎቹን ያዘ። አምስት አምስት አድርጎ ሲከፍላቸው ስምንት ቡድን ሆኑ። የመጀመሪያው ቡድን “ቢ ዲ ኤ ኤ ሲ” ይላል። ይህን በዜማ ይለዋል፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ይጨምርበታል። በሦስተኛው ቀን ከአንድ እስከ አርባ ሳይደናቀፍ ይወርደው ጀመር። እናቱ “ምንድን ነው የምትደግመው ልጄ?” ብትለው “ፊዚክስ ነው እማ” አላት።

ከ40ዎቹ ውስጥ አንብቦ ያስታወሰው አንደኛውን ጥያቄ ብቻ ነበር፤ የሚያውቀው መንገድ ስላለበት። በአማርኛ ሳስቀምጠው እንዲህ ይላል፦ አንድ መኪና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 24 ኪሎ ሜትር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወረደ፤ በዚያው መንገድ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ደሴ ተመለሰ። የደርሶ መልሱ አቬሬጅ ስፒድ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ምርጫዎቹ ኤ) 0፣ ቢ) 30፣ ሲ) 32፣ ዲ) 64 ናቸው። መልሱ ቢ።

የፈተናው ዕለት ልጁ የጥያቄ ወረቀቱን ሳይገልጥ አምስቱን ክቦች በአንድ ትንፋሽ አጠቆረ። ከዚያ ገለጠ። አንደኛው ጥያቄ ስለ ኤሌክትሪክ ነው። ኮምቦልቻ የለችም። ያጠቆረውን በላጲስ ማጥፋት ጀመረ፤ እጁ ላብ ስላወጣ ወረቀቱ አደፈ፣ ሁለት ክብ ላይም ግራጫ ጥላ ቀረ። (የመልስ መስጫ ወረቀት በማሽን ሲታረም እንዲህ በደንብ ያልጠፋ ክብ እንደ ሁለተኛ መልስ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ፊደሉን ሳታረጋግጡ አታጥቁሩ፤ ካጠፋችሁም ምልክቱ እስኪለቅ በንጹሕ ላጲስ አጥፉ።)

ፊደሎቹ ቦታቸውን እንደለቀቁ ገብቶታል። ግን በፊደሎቹ ፋንታ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። እየገመተ 17ኛው ላይ ሲደርስ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ 40 እና 24 የሚሉትን አየ። ምርጫዎቹም እነዚያው ናቸው፣ 0፣ 30፣ 32፣ 64። ልቡ አረፈና ቢን አጠቆረ። ውጤቱ ሲመጣ ከ40 ያገኘው 11 ነበር። 17ኛውንም ስቶታል።

17ኛው ጥያቄ ምን ነበር? “አንድ መኪና ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ከሚሴ ሲጓዝ፣ የጉዞውን ጊዜ ግማሽ በሰዓት 24፣ ቀሪውን የጊዜ ግማሽ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነዳ። አቬሬጅ ስፒዱ ስንት ነው?” ቁጥሮቹ አልተነኩም። የተቀየረው አንድ ነገር ነው፤ በፊት እኩል የነበረው ርቀቱ ነበር፣ አሁን እኩል የሆነው ጊዜው ነው።

እስክሪብቶ ያዙና አብረን እንሥራው። አቬሬጅ ስፒድ ማለት የተጓዙበት ርቀት በሙሉ ለወሰደው ጊዜ በሙሉ ሲካፈል ነው። በፊተኛው ጥያቄ መውረዱ 24 ለ 40 ሲካፈል 0.6 ሰዓት፣ ማለትም 36 ደቂቃ ይወስዳል። መመለሱ 24 ለ 24፣ አንድ ሰዓት። ጠቅላላ ርቀቱ 48 ኪሎ ሜትር፣ ጠቅላላ ጊዜው 1.6 ሰዓት፤ 48 ለ 1.6 ሲካፈል 30 ይሆናል። መኪናው በዝግታ የተጓዘበት ጊዜ ስለሚረዝም አማካዩን ወደ 24 ይስበዋል፤ ከ32 ዝቅ ያለውም ለዚህ ነው። በሁለተኛው ጥያቄ ግን አንድ አንድ ሰዓት ነዳ ብንል መጀመሪያ 24፣ ቀጥሎ 40፣ በድምሩ 64 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ይሄዳል፤ 32 ይመጣል። ጊዜዎቹ እኩል ሲሆኑ ሁለቱን ፍጥነት ደምሮ ለሁለት ማካፈል ልክ ነው፤ ርቀቶቹ እኩል ሲሆኑ ግን ያሳስታል።

አሁን ምርጫዎቹን ተመልከቱ። የተሳሳቱት ሦስቱ በዘፈቀደ የተጻፉ አይደሉም። 32 የተቀመጠው ደምሮ ለሁለት ለሚያካፍለው ነው፤ 64 ደግሞ ደምሮ ማካፈሉን ለሚረሳው። 0 የሚጠብቀው ስፒድንና ቬሎሲቲን የሚያምታታውን ነው፤ መኪናው ወደ ተነሳበት ስለተመለሰ ዲስፕሌስመንቱ ዜሮ ነውና። ፈተና አውጪ በፊተኛው ጥያቄ ላይ “ስፒድ” የሚለውን ብቻ “ቬሎሲቲ” ብሎ ቢቀይረው ልክ የሆነው መልስ ኤ ይሆናል። በአንድ ዓይነት አራት ምርጫ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች፣ ሦስት የተለያዩ መልሶች ወጡ ማለት ነው። ወረቀት የሚቀይር መምህር አዲስ 40 ጥያቄ መፈልሰፍ እንደማያስፈልገው ከዚህ ታያላችሁ።

ልጁ 11 ማግኘቱም አያስገርምም። የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ከተዘበራረቀ የድሮው ፊደል ከአዲሱ ጋር የሚገጥመው በአጋጣሚ ነው። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ዕድሉ ከአራት አንድ ስለሆነ ከ40 ወደ 10 አካባቢ ይጠበቃል፤ ምንም ያላጠና ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቁርም ያው ነው። ከፊደል ይልቅ የመልሱን ይዘት የሸመደደ፣ ለምሳሌ “የኮምቦልቻው 30 ነው” ብሎ የያዘ፣ ቅደም ተከተሉና ምርጫው ቢዘበራረቅ ይተርፋል። ሁኔታው ሲቀየር ግን ከገማቹም ይብሳል። ገማች እንኳ ከአራት አንድ ዕድል አለው፤ እሱ ሳያመነታ የሚመርጠው አሮጌው መልስ ግን ሆን ተብሎ እንደ ወጥመድ የተተወ ነው። በሞዴል ፈተና የማያችሁ ጎበዝ የምትባሉ ልጆች ብዙ ጊዜ የምትወድቁበት ቦታ ይሄ ነው፣ ጥያቄውን “አውቀዋለሁ” ብላችሁ ሳትጨርሱ ስታነቡት።

“በብሔራዊ ፈተናው እንኳ ይወጣል እኮ” የሚል አለ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ተገኘ፤ ፈተናው ተሰረዘና ከሳምንታት በኋላ በሌላ ወረቀት ተሰጠ። ያኔ የወጣውን መልስ ይዞ ሌሊቱን ያደረ ልጅ በእጁ ምን እንደቀረው እናንተው አስቡት። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ደግሞ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሄደው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ኩረጃን ለመከላከል።

የመልስ ቁልፍ ይቃጠል አልልም። በአግባቡ ከተያዘ ጥሩ መሣሪያ ነው። ቁልፉን ለሌላ ሰው አስቀምጡት፤ እህት ወይም ወንድም ትያዝላችሁ፣ ይያዝላችሁ። ወረቀቱን ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። 40 ጥያቄ በአንድ ሰዓት ከሆነ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። እየሠራችሁ እርግጠኛ ባልሆናችሁበት መልስ ጎን የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ስታርሙ ምልክት ያለበት መልስ ልክ ቢሆን እንኳ እንዳገኛችሁት አትቁጠሩት፤ ወደ ተሳሳቱት ጨምሩት።

ከዚያ በየተሳሳተው ጥያቄ ላይ ሁለት ነገር ጻፉ። ልክ የሆነውን መንገድ ትጽፋላችሁ፤ የመረጣችሁት የተሳሳተ መልስ ከምን ዓይነት አሠራር እንደመጣም ትጽፋላችሁ። ሁለተኛውን ተማሪዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከፊተኛው አላሳንሰውም። “32 የመረጥኩት ርቀቱ እኩል ሆኖ ሳለ ደምሬ ለሁለት ስላካፈልኩ ነው” ብሎ የጻፈ ልጅ ያንን ጥያቄ በሌላ ልብስ ቢያገኘውም ይለየዋል።

ደጋግማችሁ ሠርታችሁ ከቁልፉ ጋር አልገጥም ካለ ቁልፉንም ጠርጥሩ። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ቁልፍ ሲገለበጥ ፊደል ይስታል፣ አንዳንዴም የሌላ ኮድ ወረቀት ቁልፍ ሆኖ ይገኛል። የምታጣሩት መልሱን ወደ ጥያቄው በመመለስ ነው፦ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በ1.6 ሰዓት ሲባዛ 48 ይሰጣል፣ የደርሶ መልሱ ርቀት ነው፤ ስለዚህ 30 ልክ ነው። 32 በ1.6 ሲባዛ ግን 51.2 ይሆናል፤ መንገዱ ያን ያህል አይረዝምም።

በመጨረሻ ጥያቄውን ራሳችሁ ቀይሩት። በአንድ ምሽት አሥር ጥያቄ ይበቃል። ቁጥሩን ብቻ መለወጥ ደካማው ልምምድ ነው፤ ሂሳብ ያሠራል እንጂ ማሰብን አያስገድድም። የሚጠቅመው ሁኔታውን መለወጥ፣ ወይም የተሰጠውንና የተጠየቀውን ማገላበጥ ነው። አንድ እኔ ልቀይርላችሁ፦ መኪናው አሁን ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ወጥቶ፣ 24 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደሴ ገባ። የደርሶ መልሱ አቬሬጅ ስፒድ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር እንዲሆን በምን ፍጥነት መመለስ አለበት?

72 ካላችሁ አሁንም ሁለቱን ፍጥነት ደምራችሁ ለሁለት እያካፈላችሁ ነው። በ72 ቢመለስ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ 48 ኪሎ ሜትር በ80 ደቂቃ፣ አማካዩ 36 ብቻ ነው። 48ን ለማግኘት 48ቱ ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ማለቅ ነበረበት፤ መኪናው ግን ደሴ ሲገባ ያችን አንድ ሰዓት ጨርሷታል። በየትኛውም ፍጥነት ቢመለስ አይደርስበትም፤ ጥያቄው መልስ የለውም።