የወርቅ ሪፖርቱን ከታች ጀምራችሁ አንብቡት

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ የማውቀው ልጅ ማታ ደወለልኝ። ድምፁ ተቻኩሏል። "ጋሼ፣ ወርቅ እያለቀ ነው። ለቤት ያጠራቀምኩትን ላውጣና ልግዛበት?" አለኝ። ማን አለህ ስለው አንድ ምስል ላከልኝ። የ2024 የዓለም የወርቅ ፍላጎት 4,974 ቶን፣ ከማዕድን የወጣው 3,661 ቶን ይላል። ሥሩ ላይ ራሱ ቀንሶ በቀይ ጽፎበታል፦ የጎደለው 1,313 ቶን!

ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ልጁም መቀነሱን ያውቅበታል። የተሳሳተው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነው።

እኔ ዱባይ ዴይራ ውስጥ አሮጌ ወርቅ በሚገዛ ሱቅ ብዙ ዓመት ሚዛን ይዣለሁ። ሁለቱ ቁጥሮች የወጡበትን ዓመታዊ ሪፖርት ያስተዋወቀኝ የሱቁ ሒሳብ ሠራተኛ ነበር። የሚያዘጋጀው ወርልድ ጎልድ ካውንስል ነው፤ ቁጥሮቹን በአብዛኛው የሚሰበስብለት ሜታልስ ፎከስ የተባለ የለንደን ድርጅት ነው። የዓመቱ ሪፖርት ብዙውን ጊዜ በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት መጀመሪያ ይወጣል፤ ማንም በነፃ ያነበዋል። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ካውንስሉ የወርቅ አምራች ኩባንያዎች ማኅበር ነው። ጽሑፉ ስለ ወርቅ ደግ ደጉን ቢያበዛ አይግረማችሁ። እኔ መጀመሪያ ሠንጠረዡን አያለሁ፣ ቀጥሎ የቃላት ትርጉሙን፣ ጽሑፉን መጨረሻ ላይ።

ወደ ልጁ ቀይ ቁጥር እንመለስ። አቅርቦት ማለት ከመሬት የወጣ ብቻ አይደለም። አንዲት እናት አምባሯን ሸጣ፣ አምባሩ ቀልጦ ጥፍጥፍ ሲሆን፣ እሱም አቅርቦት ነው። በ2024 እንዲህ የተመለሰው አሮጌ ወርቅ 1,370 ቶን ነበር። 3,661 ላይ ስትደምሩት 5,031 ይሆናል። ከዚያ 57 ቶን ይቀነሳል። ይህ አምራቾች ገና ያላወጡትን ወርቅ አስቀድመው የሚሸጡበት ውል ሒሳብ ነው። የቆየውን ውል የሚዘጉት ከአዲሱ ሲበልጥ ከአቅርቦቱ ላይ ይነሳል። የቀረው 4,974 ነው። የጎደለ ነገር የለም፤ አሮጌው ወርቅ ሞልቶታል።

"ታዲያ አቅርቦትና ፍላጎት እኩል ሆኑ ማለት ነው?" አለኝ ልጁ። አዎ፣ ሁልጊዜም እኩል ናቸው። እኩል የሆኑት ግን ሠንጠረዡ እኩል እንዲሆኑ ተደርጎ ስለሚሠራ ነው።

አሁን የፍላጎቱን ወገን እዩ። ለጌጣጌጥ የተሠራ 2,004 ቶን። ለኤሌክትሮኒክስና ለመሳሰለው 326። ለኢንቨስትመንት 1,180። ማዕከላዊ ባንኮች 1,045። ይህ ሁሉ ሲደመር 4,554 ገደማ ነው፤ በማጠጋጋት አንድ ቶን ልትለያዩ ትችላላችሁ። ከ4,974 ጋር 420 ቶን ይለያያል። ይህ 420 ሠንጠረዡ ውስጥ "ኦቲሲ እና ሌሎች" ተብሎ ተቀምጧል።

እሱን ማንም አልቆጠረውም። ከአቅርቦቱ ላይ የታወቀውን ፍላጎት ቀንሰው የተረፈውን እዚያ ያስቀምጡታል። ውስጡ እውነተኛ ግዢ አለ፤ ትልልቅ ባለሀብቶች በባንክ በኩል፣ ከገበያ ሰሌዳ ውጪ የሚገዙት፤ ኦቲሲ የሚሉት ይህንን ነው። በሸቀጥ ገበያ መጋዘኖች የገባና የወጣ ክምችትም አለ። ሳይታይ የቀረ የሠሪዎች ክምችትም አለ። የመቁጠር ስህተትም እዚያው ነው። የትኛው ስንት እንደሆነ ሠንጠረዡ አይለይም። ሱቃችን ውስጥ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የማይገጥም ነገር ካለ "ልዩ ልዩ" የምትል መስመር ነበረችን። ያቺው ናት።

ስለዚህ "የወርቅ ፍላጎት ሪከርድ ሰበረ፣ 4,974 ቶን" የሚል ርዕስ ስታዩ፣ ቁጥሩ የአቅርቦቱ ድምር መሆኑን አስታውሱ። "አቅርቦት ሪከርድ ሰበረ" ብሎ መጻፍም ይቻል ነበር። ዜናው ግን እንደዚያ አይሸጥም። ትልቁ ድምር ስለ እጥረት የሚነግራችሁ ነገር የለም። የሚነግሯችሁ መስመሮቹ ናቸው፦ ዋጋው ሲወጣ ማን ሸሸ፣ ማንስ ቆየ።

የሸሸው ጌጣጌጥ ነው። በ2024 የለንደኑ አማካይ ዋጋ በአውንስ 2,386 ዶላር ነበር፤ ከ2023ቱ 1,941 ጋር ሲተያይ 23 በመቶ ጨምሯል። ሰዎች የገዙት ጌጣጌጥ በ11 በመቶ ቀንሶ 1,877 ቶን ሆነ። ቻይና ውስጥ ብቻ 24 በመቶ ወረደ። ሕንድ ግን 563 ቶን ገዝታ 2 በመቶ ብቻ ነው የቀነሰችው፤ በሐምሌ የማስገቢያ ቀረጡን ከ15 ወደ 6 በመቶ አውርዳ ነበርና ረድቷታል። አሁን ይህንኑ በዶላር እዩት። ለጌጣጌጥ የወጣው ገንዘብ 9 በመቶ ጨምሮ 144 ቢሊዮን ደረሰ። "የወርቅ ጌጥ ገበያ ደራ" ያለውም "ቀዘቀዘ" ያለውም አልዋሸም። አንዱ በዶላር፣ ሌላው በቶን ተናገረ። ባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ያየሁትም ይኸው ነው። ለልጇ ሠርግ ሃያ ግራም ልትገዛ የመጣች ሴት አሥራ ስምንት ይዛ ትወጣለች፤ የከፈለችው ግን ከአምናው ይበልጣል።

ጌጣጌጥ ሁለት ቁጥር እንዳለው አስተውላችሁ ይሆናል፤ 2,004 የተሠራው ነው፣ 1,877 የተገዛው። ልዩነቱ በነጋዴና በሠሪ እጅ የተቀመጠ ነው። ደግሞም አሮጌ አምባር ሰጥታችሁ አዲስ ብትወስዱ፣ በአሮጌው የተሸፈነው ክፍል ከተገዛው ጌጥ ውስጥ አይገባም። እኛ ሱቅ ውስጥ ሰው ሲጋፋ የሚውለው ደግሞ በዚህ በልዋጭ ነበር።

አሮጌው ወርቅ ራሱ በ2024 11 በመቶ ጨምሯል፤ ከ2012 ወዲህ እንዲህ በዝቶ አያውቅም ነበር። ዋጋው ግን 23 በመቶ ነው የጨመረው። ሰው ሮጦ አልሸጠም። ዋጋ ሲዘል ባለ አምባሩ ይመጣል፣ ያስመዝናል፣ "ነገ ይጨምር ይሆናል" ብሎ መልሶ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ስንቱን መዝኜ መልሻለሁ! ይህ መስመር በጣም የሚፈነዳበት ጊዜ ሰው ገንዘብ ሲቸገር ወይም ዋጋው ከዚህ አይወጣም ብሎ ሲያምን ነው። ሪፖርቱ ሲወጣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚታለልበት መስመር ኢንቨስትመንት ነው። 2024 ላይ "25 በመቶ አደገ" ተባለ፤ ከ945 ቶን ወደ 1,180። ልጁም ይህን ይዞ "ሁሉም እየገዛ ነው" አለኝ። ውስጡን ከፍተን አየነው። ጥፍጥፍና ሳንቲም 1,186 ቶን ነው፤ ከቀደመው ዓመት ጋር ሲተያይ ንቅንቅ አላለም። ለውጡ የመጣው ከኢቲኤፍ ነው። ኢቲኤፍ ማለት እንደ አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ፣ ወርቁ ግን መጋዘን ውስጥ የሚቀመጥ ድርሻ ነው። በ2023 ከእነዚህ መጋዘኖች 244 ቶን ወጥቶ ተሸጧል። በ2024 የወጣው 7 ቶን ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር 25 በመቶው "ዕድገት" አዲስ ገዢ አላመጣም፤ ሻጮቹ መሸጥ አቆሙ እንጂ። ለዋጋ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን "ሁሉም እየገዛ ነው" ከሚለው ጋር አንድ አይደለም።

ማዕከላዊ ባንኮችን በተመለከተ ወሬው እውነት አለው። ከ2010 እስከ 2021 በአማካይ በዓመት 473 ቶን ነበር የሚገዙት። ከዚያ በ2022 1,082፣ በ2023 1,037፣ በ2024 1,045። ሦስት ዓመት በተከታታይ ከእጥፍ በላይ። ግን ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ ቁጥሩ የተጣራ ነው፤ ከገዙት ላይ የሸጡት ተቀንሶ። ሁለተኛ፣ ብዙው ግምት ነው። በ2024 ገዛን ብለው በይፋ ካሳወቁት ቀዳሚዎቹ ፖላንድ በ90፣ ቱርክ በ75፣ ሕንድ በ73 ቶን ናቸው። ሦስቱ ቢደመሩ 238 ነው። እስከ 1,045 ያለውን ርቀት እዩት። ከቀረው ትልቁ ክፍል በይፋ ያልተነገረና ባለሙያዎች ከንግድ መረጃ ተነስተው የገመቱት ነው። ለዚህም ነው ቁጥሩ በኋላ የሚታረመው፤ የ2024ቱም ከወጣ በኋላ ከፍ ተደርጎ ታርሟል። አምና ያስቀመጣችሁትን ሠንጠረዥ ከዘንድሮው ጋር አታጋጩ። የዘንድሮው ሪፖርት ውስጥ የአምናው አምድም አለ፤ ከእሱ ጋር አወዳድሩ።

የኛ አገር ጉዳይ እዚህ ጋ ይገባል። ብሔራዊ ባንካችን ከባህላዊ አምራቾች ወርቅ ይገዛል፤ ነገር ግን ለውጭ ምንዛሪ ብሎ ውጭ ይሸጠዋል። ገዝቶ የሚሸጥ ባንክ በተጣራው ቁጥር ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ከሐምሌ 2024 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ወደ ባንኩ የሚገባው ወርቅ በጣም ጨመረ። ይህ ሁሉ አዲስ የተቆፈረ እንዳይመስላችሁ፤ ድሮ በድንበር ሾልኮ ይሄድ የነበረ ወርቅ መንገዱን ሲቀይርም የአገር ቤቱ ቁጥር ያድጋል። የዓለሙ ሪፖርት ደግሞ በባህላዊ መንገድ የሚወጣውን፣ ያልተመዘገበውን ጨምሮ፣ ገምቶ የማዕድን መስመር ላይ ያስገባዋል።

ልጁ በመጨረሻ፣ "እሺ ጋሼ፣ ይጨምራል ይቀንሳል?" አለኝ። ሪፖርቱ ያለፈውን ዓመት የቆጠረ ነው፤ የሚመጣውን ዋጋ አይነግርህም አልኩት። ሌላም ጨመርኩለት። ምድር ላይ እስከ 2024 መጨረሻ ተቆፍሮ የወጣው ወርቅ 216,000 ቶን ገደማ ነው። ማዕድኑ በዓመት የሚጨምርበት ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም። ወርቅ አይበላም፣ አይቃጠልም፤ ከዚያ ክምር ትንሽ ቁራሽ ልሽጥ ቢል ገበያው ይጥለቀለቃል፣ አልሸጥም ቢል ዋጋው ይሰቀላል። ስለዚህ "እያለቀ ነው" የሚለው ወሬ አይሠራም።

ትንሽ ዝም አለና፣ "ለእናቴ ግን አምባር መግዛቴ አይቀርም" አለኝ። እሱ ሌላ ሒሳብ ነው አልኩት። ከመክፈልህ በፊት የዕለቱን የ21 ካራት የግራም ዋጋ ጠይቅ፣ በሚዛኑ አባዛ፣ ከጠየቁህ ላይ ቀንስ። የተረፈው የእጅ ሥራው ነው። መልሳ ልትሸጠው ብትሄድ የሚቀርባት እሱ ነው።