ጠረጴዛው የሚበላው

«ከፍኖተ ሰላም ነኝ። ባለ 5 እና 10 ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ኦንላይን ፖከር እጫወታለሁ። ሳንቲሙ የዶላር ነው። 20 ሺህ እጅ ተጫውቼ 45 ዶላር ከስሬአለሁ። ግን አብዛኞቹ ተጫዋቾች ከኔ እንደሚያንሱ በዓይኔ አያለሁ። ቤቱ የሚቆርጠው 5 ከመቶ ብቻ ነው። 5 ከመቶ ሰው ይጥላል እንዴ?»

ይጥላል፣ ወንድምዓለም። እኔንም ጥሎኛል። ያውም እኔ በዚህ ነገር መሸወድ የሌለብኝ ሰው ነበርኩ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አራት ዓመት ፑል ቤት ነበረኝ። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ጆተኒ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈስ ቆርቆሮ። የፑል ቤትን ሕግ ታውቀዋለህ። የተሸነፈ የጠረጴዛ ይከፍላል። ከሥራ መልስ በየቀኑ የሚመጡ ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። አቻ ለአቻ ናቸው። ዛሬ አንዱ ይረታል፣ ነገ ሌላው። በመካከላቸው ብር አስይዘው ነው የሚጫወቱት፤ ወሩ ሲያልቅ ሲተሳሰቡ አንዱ ከሌላው የሚፈልገው ነገር የለም። ግን የሁለቱም ኪስ ባዶ ነው። ብሩ የት ሄደ? እኔ ጋ ነዋ! ማን አሸነፈ የሚለው ጉዳዬ አልነበረም። የኔ ጉዳይ ስንት ጌም ተጫወቱ የሚለው ነበር።

ፑል ቤቱን ሸጬ ፖከር ስጀምር ይኼን ሁሉ ረሳሁት። ምክንያቱም ፖከር ላይ ሲከፍል የሚታየው ተሸናፊው ሳይሆን አሸናፊው ነው። ያሸነፈ ሰው ደግሞ የተቆረጠበትን አይቆጥርም። ፖቱ፣ ማለትም መሃል ላይ የተጠራቀመው ብር፣ እየተንሸራተተ ወደሱ ሲመጣ ደስ ብሎት ያያል እንጂ፣ መንገድ ላይ ምን እንደጎደለ አያይም።

እስቲ ያንን 5 ከመቶ እንፍታው። አንተና አንድ ሌላ ሰው እያንዳንዳችሁ 1 ዶላር ከ50 አገባችሁ እንበል። ፖቱ 3 ዶላር ሆነ። ቤቱ 5 ከመቶ፣ ማለትም 15 ሳንቲም፣ ይወስዳል። ሬክ የሚባለው ይኼ ነው። ብታሸንፍ 2 ዶላር ከ85 ይደርስሃል። ከዚህ ውስጥ 1 ዶላር ከ50ው የራስህ ብር ነው። ትርፍህ 1 ዶላር ከ35 ብቻ ነው። ሬክ ባይኖር ኖሮ 1 ዶላር ከ50 ታተርፍ ነበር። ስለዚህ ከትርፍህ የሄደው አንድ አሥረኛው ነው። 5 ከመቶ የሚባለው የራስህም ብር ከተቀላቀለበት ፖት ላይ ስለሚሰላ ነው ትንሽ የሚመስለው።

አሁን እንደነዚያ ጓደኛሞች አቻ ሁኑና እንዲህ ያለ ፖት መቶ ጊዜ ተጫወቱ። ሃምሳውን ስታሸንፍ 67 ዶላር ከ50 ታገኛለህ። ሃምሳውን ስትሸነፍ 75 ዶላር ታጣለህ። 7 ዶላር ከ50 ጎደለህ። ባላጋራህም ልክ ያንኑ ያህል ጎድሎታል። ዜሮ ላይ ለመቆም ከመቶው 53ቱን ያህል ማሸነፍ አለብህ። ፖከር ላይ ደግሞ አቻ ከሆነ ሰው ያንን ትርፍ ሦስት ጊዜ ፈልቅቆ ማውጣት ቀልድ አይደለም።

ወደ ራሴ ልምጣ። እኔም እንዳንተ ባለ 5 እና 10 ሳንቲም፣ ስድስት ሰው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። እያንዳንዱን እጅ፣ ማለትም ካርድ ታድሎ ፖቱ እስኪወሰድ ያለውን አንድ ጨዋታ፣ የሚመዘግብ ትራከር የሚባል ፕሮግራም ነበረኝ፤ ግን የማየው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነበር። 40 ሺህ እጅ ሲሞላ 80 ዶላር ከስሬ ነበር። ጨዋታዬ ነው ብዬ እጅ በእጅ እየመረመርኩ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። አንድ ቀን መብራት ሄዶ፣ በላፕቶፑ ባትሪ ቁጭ ብዬ ስነካካ፣ የሬክ ዓምድ የሚባል እንዳለ አየሁ። ከፈትኩት። 280 ዶላር ይላል።

ዲያ! ከሰዎቹ 200 ዶላር ወስጄ ነበር ማለት ነው። ቤቱ ግን 280 ወስዶብኛል። ያቺ 80 ዶላር የመጣችው ከዚህ ነው።

ተጫዋቾች ይኼን የሚለኩት በቢግ ብላይንድ፣ ማለትም በየእጁ አንዱ ተጫዋች ገና ከመጀመሪያው በግዴታ በሚያስገባው ትልቁ መነሻ ብር፣ ነው፤ በመቶ እጅ ስንት ቢግ ብላይንድ ተገኘ ወይም ጠፋ ብለው። ትራከሩ ላይ bb/100 ተብሎ ይታያል። የኔ ቢግ ብላይንድ 10 ሳንቲም ነው። ከሬክ በፊት በመቶ እጅ 5 እያገኘሁ፣ 7 ለቤቱ እየከፈልኩ፣ 2 እየጎደለብኝ ነበር። ሌሎቹም እንደኔ ከከፈሉ ከስድስታችን በመቶ እጅ 4 ዶላር ከ20 ይሰበሰባል። አንድ የኦንላይን ጠረጴዛ በሰዓት 75 እጅ ያህል ይጫወታል ብንል፣ በሰዓት 3 ዶላር ከ15 ሳንቲም ነው። ስድስታችንም 10፣ 10 ዶላር ይዘን ብንቀመጥና ማንም ባይጨምር፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው 60 ዶላር በ19 ሰዓት ገደማ ተሟጥጦ ያልቃል። ማንም አላሸነፈ፣ ማንም አልተሸነፈ፣ ብሩ ግን የለም። የፑል ቤቴ ጓደኛሞች ማለት ይኼው ነው።

«ካፕ አለው እኮ» ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ከአንድ ፖት የሚወሰደው ከተወሰነ ገንዘብ አያልፍም። ግን ካፑ የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ አስላ። የኔ ጠረጴዛ ካፕ 1 ዶላር ከ50 ነበር። 5 ከመቶው እዚያ እንዲደርስ ፖቱ 30 ዶላር መሆን አለበት። እኛ ደግሞ የተቀመጥነው በ10 ዶላር ነው። ሦስት ሰው ያለ የሌለውን ካላስገባ ካፑ አይነካም። ከላይ ያሉት ትላልቅ ጠረጴዛዎች ላይ ግን ካፑ 3 ዶላር ቢሆን፣ የ200 ዶላር ፖት የሚከፍለው 1.5 ከመቶ ብቻ ነው። በመጠኑ ሲታይ ሬክ የሚከብደው ትንሹ ጠረጴዛ ላይ ነው። እንግዲያው ወደ ላይ ልውጣ እንዳትል፤ እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ሬክ ከቀነሰልህ በላይ ሊወስዱብህ ይችላሉ።

ሬክባክ የሚሉትም አለ። ከከፈልከው ላይ የተወሰነውን ይመልሱልሃል። ለኔ 10 ከመቶ ነበር። 28 ዶላር ተመለሰልኝ። ኪሳራዬ ከ80 ወደ 52 ወረደ። አልጠላሁትም። ግን እሱን ብሎ እጅ የሚያበዛ ሰው፣ አንድ ብር ለማስመለስ አሥር ብር እየከፈለ ነው።

አሁን በጨዋታዬ ላይ ለውጥ ያመጣው ነገር። ብዙ ቦታ ፍሎፕ፣ ማለትም መሃል ላይ የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርዶች፣ ካልወጣ ሬክ አይቆረጥም። እጁ ከፍሎፕ በፊት ካለቀ ቤቱ ምንም አይወስድም። ይኼን ሕግ አውቀው ነበር፤ ተጠቅሜበት ግን አላውቅም። ትልቁ ቀዳዳዬ ስሞል ብላይንድ ላይ፣ ትንሹን መነሻ ብር በግዴታ በማስገባበት ወንበር፣ ሳለሁ ነበር። አንዱ ሬይዝ ያደርጋል፣ ማለትም መወራረጃውን ወደ 25 ሳንቲም ከፍ ያደርጋል። እኔ 5 ሳንቲም አስቀድሜ ስላስገባሁ፣ 20 ብቻ ጨምሬ ፍሎፕ ልይ እላለሁ። ቢግ ብላይንዱ ይጥላል። ፖቱ 60 ሳንቲም ሆነ፤ ፍሎፕ ሲወጣ ግን 57 ነው። ከዚያ በኋላ በየዙሩ ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ያኛው የኔን አይቶ ይወስናል። በመጥፎ ወንበር ተቀምጬ፣ ለተቆረጠ ፖት እታገላለሁ።

ስለዚህ እዚያ ወንበር ላይ ኮል ማድረግ፣ ማለትም የተጠየቀውን ብቻ ከፍሎ መቀጠል፣ ከሞላ ጎደል ተውኩ። ካርዱ ደህና ከሆነ ወደ 1 ዶላር ከ10 ሬይዝ አደርጋለሁ። ካልሆነ እጥላለሁ። ያኛው ከጣለ የሱን 25 እና የቢግ ብላይንዱን 10፣ በድምሩ 35 ሳንቲም እወስዳለሁ። ሬክ የለም። በየፖቱ የማገኘው ትንሽ ነው፤ ግን ሳይቆረጥ የሚገባ ትንሽ ነው።

ሌላው የኮል ሒሳብ ነው። ፖቱ ውስጥ 1 ዶላር አለ፣ ባላጋራህ 1 ዶላር አስገባ፣ አንተም ለማየት 1 ዶላር ያስፈልግሃል። መጽሐፍ ላይ የተማርከው ከሦስት አንዴ፣ 33 ከመቶ ካሸነፍኩ ይበቃኛል የሚል ነው። ግን የሚደርስህ 3 ዶላር አይደለም፣ 2 ዶላር ከ85 ነው። የሚያስፈልግህ 35 ከመቶ ነው። አፋፍ ላይ ያሉትን ኮሎች ሁሉ የሚገለብጣቸው ይቺ ሁለት ከመቶ ናት።

ከዚያ በኋላ 30 ሺህ እጅ ተጫወትኩ። ሬኩ ከ7 ወደ 5 ተኩል ወረደ፤ ከሰዎቹ የማገኘውም ወደዚያው ገደማ ነበር። ዜሮ ለዜሮ ማለት ነው። የወራት ሌሊት ተጫውቼ ዜሮ። እዚህ ላይ ግን እንዳላታልልህ። እንዲህ ባለ ጠረጴዛ 30 ሺህ እጅ ላይ ዕድል ብቻውን ውጤትህን በመቶ እጅ 5 ቢግ ብላይንድ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ተሻሻልኩ ብዬ ልምልልህ አልችልም። የቀድሞዋ 80 ዶላርም የዕድል ልትሆን ትችላለች። ከሁሉ ቁጥሮች መካከል ዕድል ብዙም የማይነካው ሬኩን ነው። ማሸነፍህ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እሱ ግን እንደ ቤት ኪራይ ነው።

ወዳንተ ስመለስ፣ አንተም እንደኔ 7 ገደማ እየከፈልክ ከሆነ፣ በ20 ሺህ እጅ 140 ዶላር ሰጥተሃል። 45 ከከሰርክ ከሰዎቹ 95 ዶላር ወስደሃል ማለት ነው። ዓይንህ አልዋሸህም ይሆናል፤ ከነሱ ትበልጥ ይሆናል፤ ግን ከነሱም ከቤቱም መብለጥ ሌላ ነው። የኔን 7 ይዘህ ግን አትደምድም፣ የራስህን አውጣ። ትራከር ካለህ የሬክ ዓምዱን ክፈት። ከሌለህ የጨዋታ ታሪክህን ከድረ ገጹ አውርድ፤ በየእጁ ግርጌ ስንት እንደተቆረጠ ተጽፏል። ያሸነፍካቸውን ፖቶች ብቻ እንዳትደምር። ተሸንፈህ ባስገባኸውም ውስጥ ያንተ ድርሻ ስላለ፣ ትራከሩ ባስገባኸው ልክ የሚያካፍልበትን ምርጫ ተጠቀም።

ሬኩንና ስሞል ብላይንድ ላይ ስንት ጊዜ ኮል እንዳደረግክ፣ ሁለቱን ቁጥር እዚሁ ጻፍልኝ። ማታ መብራት ካለ አብረን እናየዋለን።