ሆቴሉ ሊዘጋ ነው፤ ማን ይቅደም?

ይድረስ በሆቴል ሥራ ላይ ላላችሁ ወጣቶች፣

አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ጎንደር ውስጥ በሆቴል ሥራ ነው። ከሪሴፕሽን ጀምሬ ሥራ አስኪያጅ እስከመሆን ደርሻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሁለት ጊዜ ሆቴል ለእድሳት ዘግቻለሁ። የመጀመሪያውን አበላሽቼዋለሁ። ሁለተኛው ተሳክቶልኛል። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሲሚንቶና ስለ ሴራሚክ አይደለም። እንዘጋለን ብሎ ለሰው ስለመናገር ነው።

የመጀመሪያው እንዲህ ነበር። ክረምት ላይ እንግዳ ስለሚቀንስ ሰኔ 1 ዘጋን። ተቋራጩ ነሐሴ 30 አስረክባለሁ አለ። እኛም አምነን ለደንበኞቻችን ሁሉ «ለመስቀል እንገናኝ» ብለን ጻፍን። ክረምት ለሆቴል ባለቤት ይመቻል እንጂ ለቀለምና ለጣሪያ አይመችም። ዝናቡ አላስደርቅ አለ። የመታጠቢያ ቤቱ ዕቃ ደግሞ ገና ከጅቡቲ አልገባም። መስከረም 15 አንድ አስጎብኚ ድርጅት 18 ቱሪስት ይዞ በር ላይ ቆመ። ግቢው ውስጥ አሸዋ ተቆልሏል። የመስቀል ሰሞን ነውና ከተማው ሞልቷል። እንግዶቹን ለሦስት ሆቴል በታትነን አሳደርናቸው። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል እንኳ አልያዘልንም። እውነቱን ለመናገር አልፈረድኩበትም።

ስህተቱ ያለው የመክፈቻው ቀን ላይ ነው። ተቋራጩ የሚነግራችሁ ሥራው የሚያልቅበትን ቀን ነው። እንግዳ የምትቀበሉበት ቀን ሌላ ነው። በሁለቱ መሃል ክፍል ይጸዳል፣ የቀለም ሽታ ይወጣል፣ ሻወር ይሞከራል፣ ሠራተኛ ይመለሳል። በሁለተኛው እድሳት ተቋራጩ እንደገና ነሐሴ 30 ሲለኝ፣ እኔ ደብዳቤው ላይ የጻፍኩት ኅዳር 1 ነው። ባለቤቱ ተቆጣ። የሁለት ወር ገቢ ልታሳጣኝ ነው አለኝ። ሥራው ጥቅምት 12 አለቀ። በተረፉት ቀናት ሠራተኞቹን ራሳቸውን ክፍሎቹ ውስጥ አሳደርኳቸው። የትኛው ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብና የትኛው በር እንደማይገጥም የነገሩን እነሱ ናቸው። ከተባለው ቀን ቀድማችሁ ብትከፍቱ የሚቀየም እንግዳ የለም። አንድ ቀን ብታሳልፉ ግን በር ላይ ሻንጣ ይዞ የሚቆም ሰው አለ።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ ልምጣ። መጀመሪያ የሚሰማው ሠራተኛው ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ከሰፈር ሰው ከሰማች ነገሩ አለቀ። በሳምንቱ ከተማው «ሆቴሉ ተሸጠ» ይላል፤ ከዚያ «ከስሯል» ይከተላል። ሥጋ አቅራቢውም በዱቤ መስጠት ያቆማል። ስለዚህ ሠራተኛውን ሰብስባችሁ ማን በእድሳቱ ጊዜ ደመወዝ እንደሚያገኝና ማን መቼ እንደሚመለስ ንገሩት።

ቀጥሎ በሚዘጋበት ጊዜ ክፍል ወይም አዳራሽ የያዘ ሰው ይምጣ። ለእሱ ደብዳቤ አይላክም፤ ይደወልለታል። ቀብድ ከፍሎ ከሆነ፣ በዚያው ስልክ ገንዘቡ መቼና እንዴት እንደሚመለስለት ይነገረዋል። የሰርግ ቀብድ ይዛችሁ «እናስብበታለን» ማለት አይቻልም። ሙሽሮቹ ሌላ አዳራሽ የሚይዙበት በዚያው ገንዘብ ነው።

አስጎብኚ ድርጅቶች የሚቀጥለውን ወቅት ጉዞ ከብዙ ወራት በፊት ነው የሚሸጡት። ሰኔ ለመዝጋት ታኅሣሥ ላይ ጻፍኩላቸው። ጥር ላይ ለጥምቀት ጎንደር ሲመጡ ደግሞ ቡና ጋብዤ በአካል ደገምኩላቸው። የኢንተርኔት ቡኪንጉንም በዚያው ዕለት ዝጉት። እናንተ ተኝታችሁ ሌሊት ክፍል የሚሸጥ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው የዘወትር ደንበኛ የሚመጣው። ለእሱ ሁለት ወር ይበቃል። ደብዳቤው አጭር ይሁን። እኔ የጻፍኩት ይህን ይመስል ነበር፦

«ውድ ደንበኛችን፣ ሆቴላችን ከሰኔ 1 (እ.ኤ.አ. ጁን 8) ጀምሮ ለእድሳት ይዘጋል። ከኅዳር 1 (ኖቬምበር 10) ጀምሮ እንደገና እንቀበልዎታለን። ሆቴሉ አልተሸጠም፤ ባለቤቱም ሠራተኛውም የሚያውቋቸው ናቸው። መታጠቢያ ቤቶቹ፣ የውሃ መስመሩና ጣሪያው ይታደሳሉ። በመሃሉ ወደ ጎንደር የሚመጡ ከሆነ በዚሁ የሪሴፕሽን ስልክ ይደውሉልን፤ ማረፊያ እኛው እንይዝልዎታለን። በውል የያዙት ዋጋ እስከ ውሉ ማብቂያ አይለወጥም።»

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፌን ልብ በሉ። አንድ ጊዜ «1/10» ብለን ጽፈን ሰኔ 1 ማለታችን ነበር፤ የውጭ ደንበኛችን ኦክቶበር 1 ብሎ አነበበው። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። ስትቀይሩም ጳጉሜን ተጠንቀቁ። 2015 ላይ ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ያን ዓመት ጥምቀት ራሱ ጃንዋሪ 20 ነበር። በአንድ ቀን ስህተት ስንት ክፍል እንደሚምታታ አስቡት።

አማራጭ ማረፊያን በተመለከተ፣ የሦስት ሆቴል ስም ዘርዝሮ መላክ አማራጭ መስጠት አይደለም። ስልክ ቁጥር መስጠት ነው። እኔ አንድ በደረጃ የሚመጣጠነንን ሆቴል መርጬ ሄጄ ተነጋገርኩ። ደንበኞቻችንን በእኛ ዋጋ እንዲቀበል ተስማማን። ሳይታደስ በፊት እሱ ሞልቶበት ስንት ጊዜ እንግዳ ተቀብለንለታል፤ ብድር መላሽ ሆነ። ከመስማማቴ በፊት ግን ራሴ አንድ ሌሊት አደርኩበት። ውሃ ሲጠፋ ታንከሩ ያዳርሳል? መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩ ይነሳል? ረቡዕና ዓርብ ጥሩ የጾም ምግብ አለው? ሕጋዊ ደረሰኝ ይቆርጣል? ይህ የመጨረሻው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የመሥሪያ ቤት አበል ይዞ የሚመጣ ሰው ያለ ደረሰኝ ቢያድር ሒሳቡን ከኪሱ ነው የሚከፍለው።

«እንግዳዬን ቢነጥቀኝስ?» ትሉ ይሆናል። ጥቂት ይነጥቃችኋል። ከእኛም ሁለት ሦስት ሰው እዚያው ቀርቷል። ዝም ብለን ብንተዋቸው ግን የት እንዳደሩ እንኳ አናውቅም ነበር።

በመጨረሻ የሪሴፕሽኑን ስልክ አታቋርጡ። እኛ አንዲት ልጅ በቀን በቀን አቧራው መሃል ጠረጴዛ ይዛ ትቀመጥ ነበር። ሥራዋ ስልክ ማንሳትና ደብተር ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ነሐሴ ላይ በየወሩ ከመተማ የሚመጡ አንድ ነጋዴ ደወሉ። ደብዳቤው አልደረሳቸውም ነበር። «ጋሼ፣ እድሳት ላይ ነን፤ ግን ክፍል ይዤልዎታለሁ፣ ማታ ስንት ሰዓት ይገባሉ?» አለቻቸው። ኅዳር 1 ጠዋት በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገቡት እሳቸው ናቸው። አዲሱን ሻወር አዩና፣ «ያቺ ስልክ የምታነሳው ልጅ የታለች?» ብለው ጠየቁ።