«ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል» ብሎ ለሸጠ ባለሱቅ የሚጻፍ ደብዳቤ፦ ጥያቄና መልስ

የሐይቅ ልጅ፦ አባቴ ስኳር አለባቸው። ደሴ ካለ የባህል መድኃኒት ሱቅ ዱቄት ገዝተን ኪኒናቸውን አቆሙ። አሁን በባዶ ሆድ 318 ገባ። ለባለሱቁ ደብዳቤ ልጽፍለት ነው፤ ምን ብዬ ልጻፍ?

ፋርማሲስቱ፦ መጀመሪያ አባትሽ። 318 ለደብዳቤ ጊዜ አይሰጥም። ዛሬውኑ ሐኪማቸው ጋ ይሂዱ፤ ያቆሙትን ኪኒን እንዴት እንደሚመልሱ እሱ ይንገራቸው። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ወይም መፍዘዝ ካለ ነገን ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል። የተረፈውን ዱቄት አትጣሉት፤ በራሱ ፓኬት እንዳለ ይቀመጥ።

ወደ ደብዳቤው ስንመጣ፣ ብዙ ሰው «ዱቄትህ አባቴን አሳመመው» ብሎ ይጀምርና እዚያው ይወድቃል። ይህን ማስረዳት አትችይም። ባለሱቁ «ጣፋጭ አብዝተው ይሆናል» ይልሻል፣ ነገሩ ያበቃል። አባትሽን የጎዳቸው ምናልባት ቅጠሉ ሳይሆን ኪኒናቸውን መተዋቸው ነው። ኪኒኑን ያስተዋቸው ደግሞ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውና በአፍ የተነገረው ነው። ስለዚህ ደብዳቤሽ ቅጠሉን ትቶ ቃሉን ይያዝ። ፓኬቱ ላይ ያለውን ቃል በቃል ገልብጠሽ አምጪ። «እንዲህ የሚል ነገር» አልፈልግም።

የሐይቅ ልጅ፦ «ስኳርን በ40 ቀን ከሥሩ ይነቅላል። ኪኒን ያስጥላል።» ይላል። ሁለት ፓኬት በ1,800 ብር መስከረም 5 ገዛን። አባባ ሜትፎርሚን 500 ጠዋትና ማታ ይወስዱ ነበር፤ ያኔ በባዶ ሆድ 142 ነበሩ። 318ቱ የተለካው ጥቅምት 15 ነው። ደረሰኝ አልሰጠንም።

ፋርማሲስቱ፦ ይኸው፣ እንደዚህ ሲሆን ይሠራል። ደረሰኝ መስጠት የእሱ ግዴታ ነበር፤ አለመስጠቱንም ጻፊው። ከዚህ አታስረዝሚው፦

> ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ለባህላዊ መድኃኒት መሸጫው ባለቤት
> ደሴ
>
> ጉዳዩ፦ የስኳር በሽታ ያድናል ተብሎ የተሸጠልንን ዱቄት ይመለከታል
>
> መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሱቅዎ ሁለት ፓኬት ዱቄት በ1,800 ብር ገዝተናል። ደረሰኝ አልተሰጠንም። በፓኬቱ ላይ «ስኳርን በ40 ቀን ከሥሩ ይነቅላል። ኪኒን ያስጥላል።» ተብሎ ተጽፏል። አባቴ ይህን አምነው በሐኪም የታዘዘላቸውን ሜትፎርሚን አቁመው ዱቄቱን በተነገራቸው መጠን 40 ቀን ወስደዋል። ከመጀመራቸው በፊት በባዶ ሆድ 142 የነበረው ስኳራቸው ጥቅምት 15 ቀን 318 ሆኖ ተገኝቷል። የምርመራው ወረቀት ቅጂ ተያይዟል።
>
> ስለዚህ፣ 1ኛ/ ይህ ጽሑፍ ያለበትን ፓኬት ከመደርደሪያ እንዲያነሱ፣ 2ኛ/ የአምራቹን ስምና አድራሻ እንዲሁም የዱቄቱን ይዘት በጽሑፍ እንዲሰጡን፣ 3ኛ/ የከፈልነውን 1,800 ብር እንዲመልሱልን እጠይቃለሁ። በ10 ቀን ውስጥ ምላሽ ካላገኘሁ ለሚመለከተው የጤና ተቆጣጣሪና ለንግድ ጽሕፈት ቤት አመለክታለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር

ሁለት ቅጂ አዘጋጂና አንዱ ላይ ተቀባዩ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርምልሽ። ስድብ አይግባ። «ሌባ» የሚል አንዲት ቃል ከገባች የምትከሰሺው አንቺ ትሆኛለሽ። በአፍ ያለሽ ነገር ካለም ማን እንደተናገረውና ማን እንደሰማው ጨምሪ፤ ካልሰማሽው ግን አትጨምሪ።

ከሚሴ፦ ሰውዬው ንግድ ፈቃድ አለው፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሕጋዊ ነው ማለት ነው። ደግሞ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ገንዘብ የሚመለሰው በ15 ቀን ውስጥ ነው፤ 40 ቀን አልፏል፣ ምን ትጽፋለች?

ፋርማሲስቱ፦ ግማሹ ልክ ነው። የ15 ቀኑ ነገር ዕቃው ጉድለት ሲገኝበት ከገዛህበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር ነው፤ በእሱ ብቻ ከተሄደ ገንዘቡን ሊከራከርባት ይችላል። ግን ያው አዋጅ ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል፤ እሷ የምትይዘው ይህን ነው። 1ኛውና 2ኛው ጥያቄ ከ3ኛው በፊት የመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ንግድ ፈቃዱ ቅመማ ቅመምና ቅጠል እንዲሸጥ ያስችለዋል እንጂ «ስኳር አድናለሁ» እንዲል አይደለም። በሽታ ያድናል ያልከው ነገር መድኃኒት ነው የምትለው፤ መድኃኒት ደግሞ በአዋጅ 1112/2011 መሠረት ደኅንነቱ፣ ጥራቱና ፈዋሽነቱ ታይቶ ይመዘገባል።

ጋሽ ቦሩ፦ እናንተ ልጆች የወሎን መድኃኒት አዋቂ ልታጠፉት ነው? ይህ ሕዝብ ሆስፒታል ሳይኖር በቅጠል ሲድን ኖሯል። ኮሶውን ማን አመጣው?

ቃሉ፦ ጋሼ፣ ኮሶ የጠጣ ሁሉ ድኗል ወይ? ዓይኑ የጠፋም አለ።

ጋሽ ቦሩ፦ መጠኑን ያላወቀ ነው እሱ።

ፋርማሲስቱ፦ ጋሽ ቦሩ፣ አንቱ ያነሱት ኮሶ ለእኔ ይመቸኛል። ኮሶ ትሉን ያወጣል፣ እውነት ነው። ሲበዛ ዓይን መጉዳቱም እውነት ነው። ትሉ መውጣት አለመውጣቱን ግን ጠጪው ራሱ ያየዋል፤ ያልሠራ ኮሶ ሸጦ ማታለል ይከብዳል። ስኳር እንዲያ አይታይም። 250 የደረሰ ሰው ምንም ሳይሰማው ሥራውን ሊሠራ ይችላል፤ ስለዚህ «ድኛለሁ» ቢል ማንም አያውቅበትም። ሻጩ የሚኖረው በዚህ ክፍተት ነው።

በዚያ ላይ የጣት ምርመራ የዚያን ሰዓት ስኳር ብቻ ነው የሚያሳየው። ሰውየው ዱቄት ሲጀምር በፍርሃት እንጀራውን ይቀንሳል፣ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል፣ በእግሩ ይሄዳል። የዚያን ጠዋት ቁጥሩ ይወርዳል፤ ምስጋናው ለዱቄቱ። ሻጭ «የደንበኛዬ ውጤት» ብሎ የአንድ ቀን ቁጥር ካሳያችሁ ኤችቢኤዋንሲውን ጠይቁት። እሱ የሁለትና ሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳይ የደም ምርመራ ስለሆነ የአንድ ጠዋት ጾም አይለውጠውም። 40 ቀን ደግሞ ለእሱም ቢሆን ሙሉውን ለማሳየት ያንሳል። ቁጥሩ ቢወርድ እንኳ «ቀነሰ» እና «ዳነ» አንድ አይደሉም። ኪኒን አታቁሙ።

ወረኢሉ፦ አብሽ ለስኳር ይጠቅማል?

ፋርማሲስቱ፦ ጥያቄው ስለ ደብዳቤ ነው። ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፣ አያድንም። ኪኒን አታቁሙ።

መርሳ፦ የኔ እናት ግን ያንኑ ዱቄት ከሜትፎርሚኗ ጋር ወስዳ በሳምንቱ 62 ገባች። ላብ በላብ ሆና ስትንቀጠቀጥ ደነገጥን። ታዲያ ይሠራል ማለት አይደለም?

ፋርማሲስቱ፦ በዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከ70 በታች የሚጥለው ከስንት አንዴ ነው። ቅጠል ተጨምሮ እንዲህ በፍጥነት ከወደቀ፣ ዱቄቱ ውስጥ የተፈጨ የስኳር ኪኒን አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ግሊቤንክላማይድ ነው። ይህ በዓለም ላይ የታወቀ ማጭበርበር ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖር ውስጥ ለወንድነት ተብሎ በሚሸጥ ሕገወጥ ምርት ውስጥ ይኸው ኪኒን ተገኝቶ ስኳር የሌለባቸው ሰዎች ስኳራቸው ወድቆ ሆስፒታል ገብተዋል፤ የሞቱም አሉ። ስለዚህ «በጣም ሠራ» የሚለው ወሬ ከ«አልሠራም» ይልቅ ያስፈራኛል።

እናትህ ዱቄቱን አሁኑኑ ያቁሙ፤ ሜትፎርሚኑን ግን ያለ ሐኪም አታስቁሟቸው። እንደገና ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም መወላገድ ካዩ፣ ነቅተው መዋጥ ከቻሉ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፤ ካልወጣ ድገሙ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አትስጡ፣ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ቢነቁም እንኳ ውሰዷቸው። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ ዳግመኛ ሊወድቅ ይችላል፤ በተለይ አዛውንት ከሆኑና ኩላሊታቸው ከደከመ። ፓኬቱን ይዛችሁ ሂዱና ለሐኪሙ አሳዩት።

መርሳ፦ እንግዲያው «ኪኒን ፈጭተህ ጨምረሃል» ብዬ ልጻፍለት?

ፋርማሲስቱ፦ አይደለም! ጥርጣሬ ነው ያልኩት። ሳይመረመር አታውቅም፤ ባለሱቁም ራሱ ላያውቅ ይችላል። «ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስዱ እናቴ ዱቄቱን በጀመሩ በሳምንቱ ስኳራቸው 62 ሆነ፤ ይዘቱን ይግለጹልን» ብለህ ቀኑን ጻፍ። የተረፈውን ፓኬት አፉን በፕላስተር አሽገህ የተገዛበትን ቀን ጻፍበት፣ አንተ ጋ ይቀመጥ። «እኔው አስመረምረዋለሁ» ቢልህ ለባለሱቁ አትስጠው። የአንተ ጉዳይ የደብዳቤ መልስ የሚጠበቅበት አይደለም፤ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ መስመር 8482 ደውለህ አስመዝግብ፣ ለጤና ጽሕፈት ቤቱም ንገር።

ቃሉ፦ ፎቶውን ቲክቶክ ላይ ለጥፎ ማጋለጥ አይሻልም? ደብዳቤ ማን ያነባል።

ፋርማሲስቱ፦ የሰውየውን ፎቶ? አይሆንም።

ጋሽ ቦሩ፦ ሰው ነው፣ ልጆች አሉት። መጀመሪያ ሽማግሌ ይላክበት።

ቃሉ፦ ሽማግሌው ሲመላለስ ሌላ አባት ኪኒኑን ያቆማል፣ ጋሼ።

ፋርማሲስቱ፦ ሽማግሌ መላክ ይቻላል፤ ጋሽ ቦሩ፣ ደብዳቤውን ሽማግሌው ይዞት ይሂድ፣ በእሱም ይፈረም።

ወረኢሉ፦ የእህቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው፣ ኢንሱሊን ይወጋል። ይህን ዱቄት ብንሞክርለትስ?

ፋርማሲስቱ፦ አይሆንም። የእሱ ሰውነት ኢንሱሊን አይሠራም፤ መርፌው ከቆመ በቀናት ውስጥ ማስመለስና ጥልቅ አተነፋፈስ ይጀምረዋል፣ ከዚያ ሞት ነው። መርፌ አታቁሙ። ስንቴ ልበል?

ከሚሴ፦ ባለሱቁ «እኔ አከፋፋይ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣልኝ» ቢላትስ?

ፋርማሲስቱ፦ እውነቱን ሊሆን ይችላል። 2ኛው ጥያቄ የገባው ለዚህ ነው፤ አምራቹን በጽሑፍ ካሳወቃት ጥያቄዋ ወደ አምራቹም ይሄዳል። «አላውቅም» ካለ ግን ከማን እንደገዛው የማያውቀውን ነገር ለበሽተኛ መሸጡን በራሱ እጅ ጻፈ ማለት ነው። ስንት እንደሚያስጠይቀው ጠበቃ ይናገር፤ እኔ አልገባበትም።

የሐይቅ ልጅ፦ አባባ ሆስፒታል ገብተው ኪኒናቸውን ጀምረዋል። ደብዳቤውን ወስጄለት ነበር፤ አነበበና «አልፈርምም» ብሎ መለሰልኝ።

ፋርማሲስቱ፦ አልፈርምም ያለበትን ቀንና ሰዓት፣ አብሮሽ የነበረውንም ሰው ስም ቅጂው ላይ ጻፊ፤ ምስክሩ ይፈርም። ከዚያ ዋናውን ፖስታ ቤት ሄደሽ በአደራ ደብዳቤ ላኪለትና ደረሰኙን ከፓኬቱ ጋር አስቀምጪ። 10 ቀኑ ከዚያ ይቆጠራል።