የተላከ ኢሜይል ላይ ስህተት ሲገኝ፦ አጭር እርማት እንዴት ይጻፋል? (ጥያቄና መልስ)

መዝገብ ቤት፦ ከተላከ ኢሜይል ውስጥ ቀን፣ ቁጥር፣ ስም ወይም አባሪ ተሳስቶ ሲገኝ በሁለት ሦስት መስመር እንዴት እንደሚታረም ጠይቁ። ስትጠይቁ ምን እንደተሳሳተ፣ ለስንት ሰው እንደሄደና ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ጻፉ። መልሱ የሚለያየው በእነዚህ ነው።

አስተባባሪዋ፦ ለ14 ሰዎች የሪፖርት ማስገቢያውን «ሐሙስ 18» ብዬ ላክሁ። 18 የሚውለው ግን ዓርብ ነው፤ ትክክለኛውም ዓርብ ነው። አንድ ሰዓት ሆኖታል። የጀመርኩት የይቅርታ ደብዳቤ ገጽ ሊሞላ ነው፣ ምኑን ልቀንስ?

መዝገብ ቤት፦ ያንን ትተሽ ይህን ላኪ፦

«የሪፖርቱ ማስገቢያ ቀን ዓርብ 18 ነው። ቀደም ሲል «ሐሙስ 18» ብዬ የላክሁት ስህተት ነው። ሰዓቱና የተቀረው ሁሉ እንዳለ ነው። ይቅርታ።»

ከ14ቱ ሰዎች ገሚሱ «ሐሙስ»ን፣ ገሚሱ «18»ን ይዟል። ስለዚህ «ዓርብ ነው» ብቻ ብትይ የትኛው ዓርብ የሚል ይመጣል፤ «18 ነው» ብቻ ብትይ ደግሞ ሐሙስን የያዘው ሰው ምንም የተለወጠ አይመስለውም። ቀኑም ቁጥሩም አብረው ይጻፉ።

ትክክለኛው ቀን መጀመሪያ ላይ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ስልክ ላይ ኢሜይል ሳይከፈት የሚታየው ርዕሱና የመጀመሪያው መስመር ጅማሬ ነው። ያቺ ቦታ «ውድ ባልደረቦቼ፣ በቅድሚያ ለተፈጠረው ስህተት ከልብ የመነጨ ይቅርታ» በሚል ከተሞላች፣ ብዙ ሰው የይቅርታ ደብዳቤ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ቀኑን ሳያይ። ይህን ደጋግሜ የምለው ብዙ እርማት የሚከሽፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ሦስተኛዋን ዓረፍተ ነገር ሰዎች ይዘሏታል። «የተቀረው እንዳለ ነው» ካልተባለ፣ ሰዓቱስ ተቀይሯል ወይ፣ ቅጹስ ያው ነው ወይ የሚሉ መልሶች ይከተላሉ።

«በሥራ ብዛት ምክንያት»፣ «በጥድፊያ ላይ ስለነበርኩ»፣ «ዳግም እንደማይፈጠር አረጋግጣለሁ» የሚሉትን አውጪ። ምክንያት ስትሰጪ አንባቢው ስለ ቀኑ ማሰብ ትቶ፣ ያን ያህል ከተጣደፈች ሌላውስ ቁጥር ልክ ነው ወይ ማለት ይጀምራል።

አላላኩ፦ Sent ውስጥ ገብተሽ ያንኑ ኢሜይል ክፈቺና Reply all በይ። ከዚያ የተቀባዮቹን መስመር በዓይንሽ ቁጠሪ። በ Bcc የተላከለት ሰው በ Reply all ላይካተት እንደሚችል ያዢ፣ ከሌለ በእጅ መጨመር አለበት። ከመላክሽ በፊት ደግሞ ቀን መቁጠሪያውን ገልጠሽ 18 ዓርብ መሆኑን እዪ። እርማቱ ራሱ እርማት ካስፈለገው፣ ሦስተኛውን መልእክትሽን የሚያምን አይኖርም።

አንጋፋው፦ ይህስ አልተዋጠልኝም። ይቅርታን ጭራ ላይ መወርወር ንቀት ነው። ለበላይ ሲጻፍ ይቅርታ ይቀድማል፤ በደብዳቤ ወግ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል።

የሽያጭ ሰው፦ እኔ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ቀን ማረም ነው እንጂ ሰው አልተበደለም።

መዝገብ ቤት፦ አንጋፋው ስለ አክብሮት ያነሡት ልክ ነው፤ አክብሮት ግን በርዝመት አይለካም። ለበላይ ከሆነ «ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የማስገቢያው ቀን ዓርብ 18 መሆኑን አሳውቃለሁ» ማለት ይቻላል። ይቅርታው ቀደመ፣ ቀኑም እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገባ። የሽያጭ ሰው፣ ያንተ አባባል የሚሠራው በስህተቱ ምክንያት ማንም ካልተንቀሳቀሰ ነው። አንድ ሰው ሐሙስ ለማድረስ ሌሊት ሠርቶ ከሆነ ለዚያ ሰው ለብቻው መጻፍ ይገባል፣ ለ14ቱም አይደለም።

አንጋፋው፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከገባ እቀበላለሁ። ያለ ሰላምታ መጀመሩ ግን አሁንም ይከብደኛል።

አዲስ ተቀጣሪ፦ ኢሜይል ላይ ተሳስቻለሁ፣ እንዴት ላስተካክል?

መዝገብ ቤት፦ ምኑ ላይ? ለማን? መግቢያውን አንብብና ተመለስ።

አዲስ ተቀጣሪ፦ ይቅርታ። ለአቅራቢ ድርጅት 240 ካርቶን ወረቀት ለማለት 24 ብዬ አዝዣለሁ። ዛሬ ጠዋት ነው የላክሁት። «240 ካርቶን ላኩልን» ብዬ ልጻፍ?

መዝገብ ቤት፦ አትጻፍ! «240 ላኩልን» የሚለው ሁለተኛ ትእዛዝ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። መጋዘን ያለው ሰው 24ቱን አስቀድሞ መዝግቦ ከሆነ 264 ካርቶን ይመጣልሃል፤ ጥፋቱም ያንተ እንጂ የእሱ አይሆንም።

መጀመሪያ ስልክ ደውል። ትእዛዝ እንደ ስብሰባ ቀን አይደለም፤ አንተ ስትጽፍ እነሱ እየጫኑ ሊሆኑ ይችላሉ። 24ቱ ወጥቷል ወይስ አልወጣም የሚለውን ጠይቅ። ካልወጣ፣ ስልኩን እንደዘጋህ በዚያው ኢሜይል ላይ ይህን መልስ፦

«ትክክለኛው የትእዛዝ መጠን በጠቅላላ 240 (ሁለት መቶ አርባ) ካርቶን ነው። ይህ ዛሬ ጠዋት የላክሁትን የ24 ካርቶን ትእዛዝ ይተካል፣ በላዩ የሚጨመር አይደለም። የወረቀቱ ዓይነትና ማድረሻ ቦታው አልተቀየሩም። 240 ብላችሁ መመዝገባችሁን በመልስ አረጋግጡልኝ።»

24ቱ ወጥቶ ከሆነ ግን ጽሑፉ ይለወጣል፤ «ቀሪው 216 ካርቶን ይላክልን፣ ድምሩ 240 ይሆናል» ነው የምትለው። «በጠቅላላ»፣ «ይተካል»፣ «ቀሪው» የሚሉት ቃላት ናቸው ከድርብ ጭነት የሚያድኑህ። ቁጥሩን በፊደልም ጻፈው፤ የተሳሳተው አንድ ዜሮ ስለሆነ አንድ ዜሮ እንደገና ሊወድቅ ይችላል። ማረጋገጫ ካልመጣ እርማቱ ደርሷል ብለህ አትቀመጥ።

እዚህ ላይ ይቅርታ አላስገባሁም። በስልክ ትለዋለህ፣ ይበቃል። ኢሜይሉ መዝገብ ነው።

ሁሉን ሞካሪ፦ ይህ ሁሉ ለምን? Outlook ላይ Recall አለ። ተጭኖ መመለስ ነው።

መዝገብ ቤት፦ Recall የሚሠራው ላኪውም ተቀባዩም በአንድ መሥሪያ ቤት የ Microsoft ሥርዓት ውስጥ ሲሆኑ ነው። ወደ ውጭ ድርጅት ወይም ወደ Gmail የሄደ አይመለስም። ሠራ ብንል እንኳ፣ ሰውየው አስቀድሞ አንብቦት ከሆነ ቁጥሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። Gmail ላይ ያለው Undo Send ደግሞ ማዘግየት ነው፤ በ Settings ውስጥ 5፣ 10፣ 20 ወይም 30 ሰከንድ ይመረጣል፣ ከዚያ በኋላ ሄደ። 30 ላይ አድርገው፤ ከዚያ ያለፈው በእርማት ነው።

ሪፖርት ክፍል፦ የተሳሳተ ፋይል አያይዤ ላክሁ። የላክሁትን Forward አድርጌ ትክክለኛውን ጨመርኩበት። ሰዎች አሁንም አሮጌውን ይጠቀማሉ።

መዝገብ ቤት፦ ሁለቱንም ስለሰጠሻቸው ነው። Forward የቀድሞውን አባሪ ይዞ ይሄዳል፤ Reply all ግን ይተወዋል። ስለዚህ Reply all አድርገሽ አዲሱን ብቻ አያይዢ።

ሌላው ችግር የፋይሉ ስም ነው። ሁለቱም «ሪፖርት የመጨረሻ» ከተባሉ፣ አንዴ ከወረዱ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። አዲሱን «ሪፖርት_እርማት_2» ብለሽ ሰይሚና እንዲህ ጻፊ፦ «የሚያገለግለው ከዚህ ጋር የተያያዘው «ሪፖርት_እርማት_2» ነው። የተለወጠው ገጽ 6 ላይ ያለው ሠንጠረዥ ብቻ ነው። የቀድሞውን እባካችሁ አጥፉት።» የተለወጠውን ገጽ ካልነገርሻቸው ሙሉውን እንደገና ሊያነቡ ነው፤ አያነቡትም፣ በአሮጌው ይቀጥላሉ። ከመላክሽ በፊት ያያዝሽውን እዚያው ከፍተሽ ገጽ 6ን እዪ።

ጸሐፊዋ፦ ለአንዲት ኃላፊ «አቶ» ብዬ ጻፍኩ፣ ግልባጩ ለ20 ሰው ሄዷል። ለሁሉም ላርም?

መዝገብ ቤት፦ ለእሳቸው ብቻ። «በላክሁት ደብዳቤ «ወ/ሮ» በማለት ፈንታ «አቶ» ብዬ ስለጻፍኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በመዝገቡ ላይ አስተካክያለሁ።» መጀመሪያ ግን መዝገቡን በእርግጥ አስተካክዪ። ለ20ው ከላክሽ ያላስተዋለው ሁሉ ያስተውላል። ስሙ ከደብዳቤው ተወስዶ ወደ ምስክር ወረቀት የሚገባ ከሆነ ግን፣ ወረቀቱን ለሚያትመው ሰው ለብቻው ንገሪው።

ተሳታፊ፦ ቀን ተሳስቼ ለብዙ ሰው ከላክሁ ምን ብዬ ልጻፍ?

መዝገብ ቤት፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ አለ።

ሂሳብ ሹም፦ የደመወዝ ዝርዝር ለማይመለከተው ሰው ላክሁ። በአጭሩ እንዴት ልጻፍለት?

መዝገብ ቤት፦ ይህ የአጻጻፍ ጉዳይ አይደለም፤ ምስጢር ወጥቷል። አሁኑኑ ለአለቃህ አሳውቅ።

የሽያጭ ሰው፦ አንድ ነገር ቀረ። ርዕሱ ላይ «እርማት» ብሎ መጨመርስ? እኔ ሁልጊዜ እጨምራለሁ።

መዝገብ ቤት፦ ርዕሱ ሲቀየር Gmail መልእክቱን ከቀድሞው ነጥሎ አዲስ ክር ያደርገዋል። ያን ጊዜ የተሳሳተውና የታረመው ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ ከሳምንት በኋላ ፈልጎ የመጀመሪያውን ያገኘ ሰው እርማቱን ላያየው ይችላል። ስለዚህ ርዕሱን አልነካም። ቀጠሮው ዛሬ ወይም ነገ ከሆነ ብቻ «እርማት» እጨምራለሁ፤ ያኔ ቶሎ መታየቱ ይበልጣል።

አስተባባሪዋ፦ ክሩን Mute ያደረገ ሰውስ? Gmail ላይ የሚመጣው መልስ ገቢ ሳጥኑ ውስጥ አይታየውም። የእኔ 14 ሰዎች ውስጥ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ።

የሽያጭ ሰው፦ ይኸው! ለዚህ ነው ሁልጊዜ የምቀይረው።

መዝገብ ቤት፦ Mute ያደረገ እንዳለ ካወቅሽ ለእሱ ለብቻው ላኪ። ለ14ቱም ክሩን መስበር ግን አሁንም አይታየኝም።

የሽያጭ ሰው፦ ማን Mute እንዳደረገ በምን ይታወቃል? ላኪው አያየውም እኮ።

መዝገብ ቤት፦ አይታይም፣ ልክ ነህ። እስከ ነገ «ደርሶኛል» ያላሉትን ቆጥራ ትደውልላቸው።