ቁጥሩ ከግሡ በፊት

ጥያቄ፦ «ለመመረቂያ ጽሑፌ የሁለት ቡድኖችን የንባብ ፈተና ውጤት በቲ-ቴስት አወዳድሬ ‹ፒ ከ0.05 በታች ስለሆነ ልዩነቱ ትርጉም አለው› ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ‹ይህ አይበቃም፣ አማርኛውም አልተስተካከለም› አሉኝ። እንዴት ልጻፈው?»

መልስ፦ በላኩልኝ ቁጥሮች ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«በምስል ታግዘው የተማሩት 32 ተማሪዎች (አማካይ = 74.30፣ መደበኛ ልይይት = 8.10) ያለ ምስል ከተማሩት 30 ተማሪዎች (አማካይ = 69.50፣ መደበኛ ልይይት = 8.90) የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። በነጻ ናሙናዎች ቲ-ቴስት ሲፈተሽ፣ በአማካዮቹ መካከል ያለው የ4.80 ነጥብ ልዩነት (t(60) = 2.22, p = .030) በስታቲስቲክስ ረገድ ጉልህ ሆኖ ተገኝቷል።»

ቅንፎቹ የት እንደገቡ ልብ ይበሉ። በአማርኛ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሡ ነው። «ተገኝቷል» ካልን በኋላ ቁጥር ብንደረድር ሐሳቡ ካለቀ በኋላ የተንጠለጠለ ይመስላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቅንፍ ከሚገልጸው ስም አጠገብ አስቀመጥኩት፤ የየቡድኑ አማካይ ከተማሪዎቹ ጋር፣ የፈተናው ውጤት ደግሞ «ልዩነት» ከሚለው ቃል ጋር ሄደ።

ከt ቀጥሎ በቅንፍ ያለው 60 የነጻነት ዲግሪ ነው፤ 32 ሲደመር 30፣ ሲቀነስ 2። አንባቢ ከእርሱ ተነሥቶ የተማሪዎቹን ብዛት ስለሚያመሳክር አይተዉት። የሁለቱ ቡድኖች ልይይት እኩል እንዳልሆነ ቆጥረው የዌልችን ቀመር ከተጠቀሙ ግን ቁጥሩ 58.52 ይሆናል። ነጥብ ያለው መሆኑ ስሕተት ስላልሆነ ወደ 60 አይመልሱት።

«ከ0.05 በታች» የሚለው አባባል .049ንም .001ንም አንድ ያደርጋቸዋል። የወጣውን ቁጥር ራሱን፣ .030ን፣ ይጻፉ። ኮምፒውተሩ .000 ቢያሳይዎት ዜሮ ነው ማለት አይደለም፤ ከሦስት አሃዝ በታች የወረደውን ቆርጦት ነውና p < .001 ብለው ይጻፉት።

ቃሉ ላይ ግን አማካሪዎ እውነት አላቸው። «ትርጉም አለው» ሲባል አንባቢ ጠቃሚ ነው ብሎ ይረዳል፤ ፈተናው ደግሞ ስለ ጥቅም ምንም አይናገርም። «ጉልህ»ም ብቻውን ከቆመ ያሳስታል፤ በዕለት ንግግራችን ጉልህ የምንለው ትልቅና ዐይን የሚስብ ነገርን ነውና። «በስታቲስቲክስ ረገድ» የሚለውን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው። የልዩነቱን ትልቅነት የሚያሳየው 4.80 ነጥቡ ነው። .030 የሚለው ደግሞ ቡድኖቹ በእውነት ባይለያዩ ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በናሙና የማግኘት ዕድሉ 3 በመቶ ነበር ማለት ነው። መላ ምትዎ 97 በመቶ እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ስለዚህ «ተረጋገጠ» የሚለውን ግሥ እዚህ አያስገቡት።