የሜኑ ላይ ታሪክ ከድስቱ ይጀምር

«ሬስቶራንት ልከፍት ነው። ሜኑው መግቢያ ላይ ስለ ራሴ አጭር ጽሑፍ ላስገባ ፈልጌ ነበር። የት እንደተማርኩ፣ እንዴት እንደማበስል፣ ምን እንደማምንበት። ስጽፈው ግን የሥራ ማመልከቻ ይመስላል፤ ሦስቱም አልያያዝ አሉኝ። ልምድ ያላችሁ እርዱኝ።»

እህቴ፣ እኔ ብዙ ዓመት በማድ ቤት ሠርቼ አሁን ሜኑ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ጽሑፍ አግዛለሁ። ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ይመስለኛል። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ትምህርቱን፣ ቀጥሎ የአበሳሰል ስልቱን፣ በመጨረሻ እምነቱን ይጽፋል። እንዲህ ተለያይተው ሲቀመጡ ሦስቱን የሚያገናኝ ነገር አይኖርም። እኔ የምመክርሽ ከአንድ ምግብ ወይም ከአንድ የማድ ቤት ልማድ እንድትነሺ ነው። ይህን ነገር ማን አስተማረኝ? ዛሬ ሳህኑ ላይ ምን ሆኖ ይታያል? እንዲህ በመሥራቴ ምን አጣለሁ? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቆይበት። ምንም የማያሳጣሽ እምነት ሜኑ ላይ ቢጻፍም ደንበኛው ጋ አይደርስም።

አንድ የሠራሁትን ልንገርሽ። ባለቤቱ ራሱ ሼፍ ነው። የጻፈው የመጀመሪያ ጽሑፍ በምግብ ዝግጅት ተመርቆ በትላልቅ ሆቴሎች እንደሠራ፣ ዘመናዊ አበሳሰልን ከቆየው ጋር እንደሚያጣምር፣ መመሪያውም ጥራትና ትኩስነት እንደሆነ ይናገራል። ሁሉም እውነት ነው። ግን የሌላ ሬስቶራንት ስም ብትለጥፊበት እንዳለ ይሄዳል። ስለዚህ ወረቀቱን ትተን ጠዋት ማድ ቤት ገባን።

ምድጃው ላይ ትልቅ የመረቅ ድስት ተጥዷል። የበሬ አጥንቱን አስቀድሞ በኦቨን ጠብሶታል፤ ቡናማ መልኩና የጠለቀው ጣዕም የሚመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሮ እሳቱን ዝቅ አድርጎታል። ውሃው አይንተከተክም፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ብቻ ትንንሽ አረፋ ብቅ ይላል። ከተንተከተከ ስቡና ፍርፋሪው ከውሃው ጋር ይደባለቅና መረቁ ይደፈርሳል። እሱም እያወራኝ በየመሀሉ ከላይ የሚንሳፈፈውን አረፋ በጭልፋ ይገፍፋል። ስድስት፣ ሰባት ሰዓት እንዲህ ይቆያል። የትናንቱን ከፍሪጅ አውጥቶ አሳየኝ። ስቡ ከላይ ነጭ ሆኖ ደርቋል፤ ሥሩ ያለው እንደ ጄሊ ረግቷል። በማንኪያ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። ይህ ከአጥንቱና ከጅማቱ የወጣ ጄላቲን ነው፤ ሶሱ ላይ ያለ ዱቄት ወፈር የሚያደርገው እሱ ነው።

ይህን ማን እንዳስተማረው ጠየቅኩት። የመጀመሪያ ሥራው ላይ አለቃው መረቁ ካልጠራ ሌላ ድስት አያስነካውም ነበር አለኝ። መረቁ ሲያልቅስ? ከሱ የሚሠሩት ምግቦችም ያልቃሉ። በቀን ከአንድ ድስት በላይ አይጥድም፤ የተዘጋጀ የዱቄት መረቅም አያስገባም። ለዚህ ነው ሜኑው አጭር የሆነው። አየሽ፣ ሦስቱም ጉዳይ አንድ ድስት ውስጥ ነው ያለው። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ይህን መሰለ፦

«ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የተሰጠኝ መረቅ መጠበቅ ነበር። አለቃዬ መረቁ ካልጠራ ሌላ ድስት አያስነካኝም ነበር። ዛሬም ቀኔን የምጀምረው በዚያው ነው። አጥንቱን እጠብሳለሁ፤ ከዚያ ሳይንተከተክ ለሰዓታት በዝግታ አበስለዋለሁ። ሾርባዎቻችንና የሥጋ ሶሶቻችን በሙሉ ከዚህ ድስት ይወጣሉ። በቀን አንድ ድስት ብቻ ነው የምንጥደው፤ በዱቄት መረቅም አንተካውም። ስለዚህ አንዳንድ ምሽት የሚያልቅ ምግብ አለ።»

በዚህ ውስጥ የትምህርት ቤት ስም የለም፤ ስልጠናው ግን አለ። «በጥራት እናምናለን» የሚል የለም፤ ደንበኛው ግን አስተናጋጁ «አልቋል» ሲለው ምክንያቱን ያውቃል። ርዝመቱንም ልብ በይ። ሰው ሜኑ የሚያነበው እየተራበና ከጓደኛው ጋር እያወራ ስለሆነ ከአምስት እስከ ስምንት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ትምህርት ቤትሽንና የሠራሽባቸውን ቦታዎች ማሳወቅ ከፈለግሽ ሜኑው ጀርባ ላይ ወይም ድረ ገጽሽ ላይ አድርጊው።

ሌላም ያልጠበቅነው ጥቅም አገኘን። ሾርባው ሁሉ ከአጥንት መረቅ እንደሚነሳ ሲጻፍ፣ ሥጋ የማይበላ ሰው ሳይጠይቅ አወቀ። ስለዚህ በአትክልት መረቅ የሚሠራ አንድ ሾርባ ተጨመረና «ሾርባዎቻችን በሙሉ» የሚለው «ከአትክልት ሾርባው በቀር» ተብሎ ተስተካከለ። እንዲህ ያለውን ለውጥ በቶሎ አስገቢ። ጽሑፉና ምግቡ ከተጋጩ የሚጎዳው በጽሑፉ አምኖ ያዘዘው ሰው ነው።

በጣም እንድትጠነቀቂ የምፈልገው «ሁሉንም እዚሁ እንሠራለን» የሚለው ላይ ነው። ቀላል አባባል ይመስላል፤ ግን ቃል መግባት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ለምሳሌ ከ2014 ጀምሮ «ፌ ሜዞን»፣ ማለትም ቤት የተሠራ፣ የሚለውን መጠቀም በሕግ የተደነገገ ነው፤ ምግቡ ከጥሬ ዕቃ እዚያው ቦታ መዘጋጀት አለበት። «ኦርጋኒክ» የሚለውም በብዙ አገር የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። አንቺ ያለሽበት ያለውን ደንብ አጣሪ። ሕግ ባይኖርም ግን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ይዘሽ ማድ ቤት ግቢና አንቺ በሌለሽበት፣ ሰው በሞላበት ምሽት እውነት ሆኖ ይቀጥል እንደሆነ እይ። ዳቦውን ከውጭ የምትገዢ ከሆነ «ሾርባችንንና ሶሳችንን እዚሁ እንሠራለን» በይና ዳቦውን ተዪው። ጠበብ ያለው አባባል ይበልጥ ይታመናል።

የአቅራቢዎችን ስም የታተመ ሜኑ ላይ አታስገቢ። አቅራቢ ይቀየራል፤ የድሮው ስም ግን እስከሚቀጥለው ሕትመት እዚያው ይቆያል። በየጊዜው የምትቀይሪው ትንሽ ወረቀት ላይ ይሁን። «የአሥር ዓመት ልምድ» የሚለውም በዓመቱ ስህተት ይሆናል፤ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደምትሠሪ ብትጽፊ ይሻላል።

ከማሳተምሽ በፊት ጽሑፉን ለአስተናጋጆችሽ አንድ ጊዜ አስነቢያቸው። ከዚያ ወረቀቱን ውሰጂና ለደንበኛ እንደሚነግሩት አድርገው እንዲነግሩሽ ጠይቂ። የኛ ልጆች ድስቱን፣ አለቃውንና የሚያልቀውን ምግብ ወዲያው ያዙ። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ የሚነግሩት እነሱ ናቸው፤ አንድም አስተናጋጅ ያላስታወሰው ዓረፍተ ነገር ካለ አውጪው። የመጀመሪያ ረቂቃችን ላይ ስለ እሳት አያያዝ አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ማንም ስላላስታወሰው ወጣ።

አሁን አንቺ ከመጻፍሽ በፊት የተማርሽውንና እስከ ዛሬ እጅሽ የለመደውን አንድ ነገር አስቢ። ሊጥ አያያዝ ሊሆን ይችላል፤ ቢላዋ፣ እሳት ወይም አትክልት አመራረጥም ይሆናል። ምን እንደሆነና በሱ ምክንያት ምን እንደማታደርጊ በሁለት መስመር እዚህ ጻፊልን፤ ከዚያ ተነስተን አብረን እናስተካክለዋለን።